ኩርባዎቹ ሲሻገሩ፦ በካንሰር ሕክምና ጥናት ውስጥ ሃዛርድ ሬሾን ማንበብ

አንድ የካንሰር ሕክምና ጥናት ሲታተም ውጤቱ ወደ ሕዝብ ጆሮ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቁጥር ተጠቅልሎ ነው። «አዲሱ መድኃኒት በሽታው የመባባስ አደጋን በ26 በመቶ ቀነሰ» ይባላል፤ ታካሚውና ቤተሰቡም ይህንኑ ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ። ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ሃዛርድ ሬሾ የሚባለው መለኪያ ሲሆን፣ በጥናቱ ጽሑፍ ውስጥ አጠገቡ ደረጃ እየሠሩ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት መስመሮች ያሉበት ሥዕል ይገኛል። እነዚህ መስመሮች በሕይወት የመቆየት ኩርባዎች ይባላሉ። ከላይ የጠቀስኩት 26 በመቶ እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ከታተመውና አይፓስ በሚል ስም ከሚታወቀው የሳንባ ካንሰር ጥናት የተገኘ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያነበበ ሰው መድኃኒቱ ለተጠኑት ታካሚዎች በሙሉ የተሻለ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ሥዕሉን ያየ ሰው ግን አዲሱን መድኃኒት የሚወክለው መስመር መጀመሪያ ላይ ከታች እንደነበረ፣ መሀል ላይ ሌላውን አቋርጦ ወደ ላይ እንደወጣ ይመለከታል። ይህ መሻገር ምን እንደሚናገር ለመረዳት፣ አስቀድሞ አንዱ መስመር ከምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

በሥዕሉ ላይ አግድም የተሰመረው ጊዜን ያሳያል፤ ወደ ላይ የቆመው ደግሞ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በሕይወት የቆዩትን ሰዎች ድርሻ በመቶኛ ይገልጻል። ሁሉም ከ100 በመቶ ይጀምራል፤ ሰው በሞተ ቁጥር መስመሩ አንድ ደረጃ ይወርዳል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል ነበር። ችግሩ ታካሚዎች ወደ ጥናት የሚገቡት በአንድ ቀን ሳይሆን በወራትና በዓመታት ውስጥ አንድ በአንድ መሆኑ ነው። ውጤቱ በሚሰላበት ቀን አንዱ ሦስት ዓመት ተከታትሏል፣ ሌላው ገና አምስት ወሩ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ አገር ለቆ ሄዶ ከዚያ ወዲያ ወሬው አልተሰማም። እነዚህን ሰዎች እንደሞቱ መቁጠር ስሕተት ነው፤ እስከ መጨረሻው እንደኖሩ መቁጠርም እንዲሁ። ኤድዋርድ ካፕላንና ፖል ማየር እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተሙት ዘዴ ለዚህ መፍትሔ ነው፤ ዛሬ በካንሰር ጥናቶች ውስጥ የምናያቸው ኩርባዎች በአብዛኛው የሚሠሩትም በዚሁ ነው።

ስሌቱን በዐሥር ሰዎች ብቻ እንሞክረው፤ ምሳሌው ለማስረዳት ያህል የተዘጋጀ ነው። በሁለተኛው ወር አንድ ሰው ሞተ። ከዐሥር ዘጠኝ ቀሩ፤ መስመሩ 90 በመቶ ላይ ወረደ። በሦስተኛው ወር አንድ ታካሚ በሕይወት እያለ ከክትትል ወጣ። በዚህ ጊዜ መስመሩ አይወርድም፤ ከዚህ በኋላ በሚመጣው ስሌት ግን ያ ሰው አይቆጠርም። በአምስተኛው ወር አንድ ሰው ሲሞት በክትትል ላይ የነበሩት ስምንት ናቸው፤ ከስምንቱ ሰባቱ ተረፉ። ስለዚህ የቀደመውን 90 በመቶ በሰባት ስምንተኛ እናባዛና ወደ 79 በመቶ እንወርዳለን። በስድስተኛው ወር ደግሞ ዘግይተው ወደ ጥናቱ የገቡ ሦስት ሰዎች በሕይወት እያሉ የክትትል ጊዜያቸው አለቀ፤ አሁን የቀሩት አራት ብቻ ናቸው። በስምንተኛው ወር ከአራቱ አንዱ ሞተ፤ 79 በሦስት አራተኛ ሲባዛ 59 በመቶ ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። የመጀመሪያው ሞት መስመሩን ያወረደው በዐሥር ነጥብ ነበር፤ በስምንተኛው ወር የደረሰው አንድ ሞት ግን ወደ ሃያ ነጥብ ገደማ አወረደው። የሞተው ያው አንድ ሰው ነው፤ የተለየው በክትትል ላይ የቀሩት ሰዎች ማነስ ነው። ምሳሌውን ትንሽ እንቀጥል። በዘጠነኛው ወር ሁለት ሰዎች ክትትላቸው በሕይወት እያሉ ቢያልቅና የቀረው አንድ ሰው በዐሥራ አንደኛው ወር ቢሞት፣ መስመሩ ዜሮ ይነካል። ሥዕሉን ብቻ የሚያይ ሰው ሁሉም ሞቱ ይላል፤ በእውነቱ ግን ከዐሥሩ ሞታቸው የታወቀው አራት ናቸው። በተቃራኒው ያ የመጨረሻው ሰው ባይሞት መስመሩ 59 በመቶ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የሚያየውም ሰው «ከዚህ ወዲያ የሚሞት የለም፣ ድነዋል» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ያ ረጅም ቀጥተኛ መስመር የቆመው ግን በአንድ ሰው ላይ ነው።

ስለዚህ በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ኩርባ ስትመለከቱ ዓይናችሁን አስቀድማችሁ ከሥዕሉ ሥር ወዳለው የቁጥር ረድፍ እንድታወርዱ እመክራለሁ። በአብዛኛው «No. at Risk» የሚል ጽሑፍ አለው፤ በየወሩ ወይም በየጥቂት ወሩ ስንት ሰዎች ገና በክትትል ላይ እንደነበሩ ይነግራል። ቁጥሩ ከብዙ መቶ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ሲሄድ ዐሥር ወይም አምስት ከደረሰ፣ በዚያ አካባቢ ያለውን የመስመሩን ጫፍ ይዞ ትልቅ ነገር መደምደም አይገባም። በመስመሩ ላይ የሚታዩት ትናንሽ ቋሚ ጭረቶችም በሕይወት እያሉ ክትትላቸው ያበቃባቸውን ሰዎች ያመለክታሉ። ጭረቶቹ ወደ ቀኝ ጫፍ ቢበዙ የተለመደ ነው፤ ዘግይተው የገቡት ሰዎች ናቸውና። በአንደኛው ቡድን ብቻ ገና ከጅምሩ ሲበዙ ግን ምክንያቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ዘዴው የወጡት ሰዎች ከቀሩት ጋር ተመሳሳይ ዕጣ እንዳላቸው ይወስዳል፤ ሰዎቹ የወጡት መድኃኒቱ አሟቸው ወይም በሽታው በርትቶባቸው ከሆነ ግን የቀሩት ከወጡት የተሻሉ ናቸው ማለት ነው፣ ኩርባውም ከእውነቱ በላይ መልካም መስሎ ይታያል።

አሁን ወደ ሃዛርድ ሬሾ እንሂድ። ሃዛርድ ማለት በአንድ ወቅት ገና በሕይወት ካሉት ሰዎች መካከል ሞት የሚደርስበት ፍጥነት ነው። ሃዛርድ ሬሾ የአንዱን ቡድን ፍጥነት ለሌላው ፍጥነት አካፍሎ የሚገኝ ቁጥር ነው። 1 ከሆነ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ከ1 ሲያንስ በአዲሱ ሕክምና ያሉት ሰዎች ሞት የሚደርስባቸው በዝግታ ነው፤ ከ1 ሲበልጥ በፍጥነት ነው። 0.74 ሲሆን ፍጥነቱ በ26 በመቶ ቀንሷል ይባላል፤ የዜናው አኃዝ የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህ ማለት ግን ከመቶ ሰው 26ቱ ተረፉ ማለት አይደለም፤ ዕድሜያቸው በ26 በመቶ ረዘመ ማለትም አይደለም። በጊዜና በሰው ቁጥር ሲመነዘር ምን ያህል እንደሚሆን ሬሾው ብቻውን አይናገርም።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የቆሽት ካንሰር ጥናት ነው። 569 ታካሚዎች ተሳትፈውበታል፤ ግማሾቹ ጄምሲታቢን የተባለውን ኬሞቴራፒ ብቻ፣ ግማሾቹ ደግሞ በላዩ ላይ ኤርሎቲኒብ የተባለውን እንክብል ጨምረው ወስደዋል። የሞት ሃዛርድ ሬሾው 0.82 ነበር፤ በዜና ቋንቋ የሞት አደጋ በ18 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ግማሾቹ ታካሚዎች የሞቱበት ጊዜ፣ ማለትም ሚዲያኑ፣ በጄምሲታቢን ብቻ 5.91 ወር፣ ኤርሎቲኒብ ሲጨመርበት 6.24 ወር ነበር። ልዩነቱ ዐሥር ቀን ያህል ነው። በአንድ ዓመት በሕይወት የነበሩት ደግሞ 17 በመቶና 23 በመቶ ነበሩ። ሦስቱም ቁጥሮች የአንድ ጥናት ናቸው፣ ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያሳድሩት ስሜት ግን ለየቅል ነው።

ሦስቱ ቁጥሮች የሚለያዩት ኩርባዎቹን የሚለኩበት ቦታ ስለሚለያይ ነው። ሚዲያን ማለት 50 በመቶ ላይ አግድም መስመር ስቦ በሁለቱ ኩርባዎች መካከል ያለውን ርቀት መለካት ነው፤ ኩርባዎቹ እዚያ ቦታ ላይ ተጠጋግተው በፍጥነት የሚወርዱ ከሆነ ርቀቱ ጥቂት ቀናት ይሆናል። የአንድ ዓመቱ ቁጥር ደግሞ 12ኛው ወር ላይ ከላይ ወደ ታች መቁረጥ ነው፤ እዚያ ኩርባዎቹ ራቅ ራቅ ብለዋል። ሃዛርድ ሬሾ ሁሉንም ወቅት በአንድነት ይይዛል፤ ሬሾው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይለወጥ ከቆየ የአንዱን ቡድን ድርሻ ወደ ሌላው በሚከተለው ስሌት መለወጥ ይቻላል፦

```
0.17^0.82 ≈ 0.23
```

በጄምሲታቢን ብቻ በአንድ ዓመት የቆዩትን 17 በመቶ በሬሾው ኃይል ስናሰላው 23 በመቶ ይመጣል፤ ጥናቱ ከዘገበው ጋር ይገጥማል። ይህች ትንሽ ስሌት ለአንባቢ እጅግ የምትጠቅም ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ያው ሬሾ የተለያየ ጥቅም እንደሚሰጥ ታሳያለች። ከመቶ 95ቱ በሕይወት በሚቆዩበት በጅምር ላይ ያለ ካንሰር ሬሾው 0.82 ቢሆን 95 ወደ 96 ገደማ ከፍ ይላል፤ ከመቶ አንድ ሰው ያህል ማለት ነው። 50 በነበረበት ቦታ ግን ወደ 57 ይደርሳል። በመቶኛ የተነገረውን ቅናሽ ከመስማት በፊት መነሻው ምን እንደነበር መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

በሬሾው አጠገብ ደግሞ «95% CI» የሚል ጽሑፍና ሁለት ቁጥሮች ይኖራሉ። በቆሽት ካንሰሩ ጥናት ቁጥሮቹ 0.69 እና 0.99 ነበሩ። የመተማመኛ ወሰን ይባላል፤ መረጃው ከነዚህ ቁጥሮች መካከል ካለ ከማንኛውም ሬሾ ጋር በደንብ ይስማማል እንደ ማለት ነው። ላይኛው ቁጥር 1ን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ጥቅሙ ከዜሮ ትንሽ ብቻ የሚበልጥ መሆኑም ከመረጃው ጋር አይጣላም።

ከላይ «ሬሾው ሳይለወጥ ከቆየ» ያልኩትን አሁን እንመልከተው። ሃዛርድ ሬሾ በአብዛኛው የሚሰላው ዴቪድ ኮክስ የተባለው እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1972 ባቀረበው ዘዴ ነው፤ ዘዴው በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው የፍጥነት ንጽጽር በመጀመሪያው ወርም በዐሥራ ሁለተኛው ወርም አንድ ነው ብሎ ይነሣል። ይህ መነሻ ትክክል ሲሆን ኩርባዎቹ ቶሎ ይለያያሉ፣ ከተለያዩም በኋላ አይገናኙም። ኩርባዎች እየተሻገሩ ንጽጽሩ አንድ ነው ማለት ግን አይቻልም። ዘዴው ያኔም ቁጥር ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን የሁለት ተቃራኒ ነገሮችን አማካይ ነው።

አይፓስ ላይ የሆነው ይህ ነው። ጥናቱ የተካሄደው በምሥራቅ እስያ በ1,217 ታካሚዎች ላይ ነው፤ ሁሉም አዴኖካርሲኖማ የሚባለው የሳንባ ካንሰር ዓይነት ተሠራጭቶ የተገኘባቸው ሲሆኑ፣ ሲጋራ አጭሰው የማያውቁ ወይም ጥቂት አጭሰው የተዉ ነበሩ። ግማሾቹ ጌፊቲኒብ የተባለውን እንክብል በየቀኑ ወሰዱ፤ ግማሾቹ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የተባሉትን የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች በደም ሥር ቢበዛ ስድስት ዙር ተሰጣቸው። በዋነኛነት የተለካው ሞት ሳይሆን ካንሰሩ ሳይባባስ የቆየበት ጊዜ ነበር፤ ስለዚህ መስመሩ የሚወርደው ሰው ሲሞት ብቻ ሳይሆን ዕጢው መባባሱ በምርመራ ሲታይም ነው።

ውጤቱ እንዲህ ነበር። ሃዛርድ ሬሾው 0.74፣ የመተማመኛ ወሰኑ ከ0.65 እስከ 0.85፤ ለጌፊቲኒብ የሚያደላ ግልጽ ቁጥር ነው። ሚዲያኑ ግን በጌፊቲኒብ 5.7 ወር፣ በኬሞቴራፒ 5.8 ወር ነበር፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። በ12ኛው ወር ደግሞ ካንሰሩ ሳይባባስ የቆዩት በጌፊቲኒብ 25 በመቶ፣ በኬሞቴራፒ 7 በመቶ ነበሩ። አንዱ ቁጥር እኩል ናቸው ሲል ሌላው ከሦስት እጥፍ በላይ ይለያያሉ ይላል። ቁጥሮቹ እንዲህ ሲጋጩ ሥዕሉን ሳያዩ መሄድ አይገባም። ሥዕሉ ላይ የጌፊቲኒብ መስመር በመጀመሪያዎቹ ወራት ከኬሞቴራፒው በታች በፍጥነት ይወርዳል፤ በስድስተኛው ወር ገደማ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ከዚያ በኋላ የጌፊቲኒቡ ከላይ ሆኖ በዝግታ ይሄዳል። ሚዲያኑ እኩል የሆነውም 50 በመቶ ላይ የተሳበው መስመር ኩርባዎቹን የሚነካው ከመገናኛቸው አጠገብ ስለሆነ ነው።

የመሻገሩ ምክንያት በአንድ ሥዕል ውስጥ ሁለት ዓይነት በሽታ ተቀላቅሎ መገኘቱ ነው። ጌፊቲኒብ የሚሠራው ኢጂኤፍአር የሚባለውን የሴል ፕሮቲን በመዝጋት ነው፤ በአንዳንድ ታካሚዎች ካንሰር ውስጥ ይህ ፕሮቲን ሚውቴሽን በሚባል የዘረ መል ለውጥ ምክንያት ያለማቋረጥ ሴሉን እንዲባዛ ያዛል። ለምርመራ የሚሆን ናሙና ከተገኘላቸው 437 ታካሚዎች መካከል 261ዱ ሚውቴሽኑ ተገኘባቸው፣ 176ቱ አልተገኘባቸውም። ኩርባዎቹ ለየብቻ ሲሣሉ መሻገሩ ጠፋ። ሚውቴሽኑ ባለባቸው ሬሾው 0.48 ሆነ፤ ሚዲያኑ በጌፊቲኒብ 9.5 ወር፣ በኬሞቴራፒ 6.3 ወር። ሚውቴሽኑ በሌለባቸው ግን ሬሾው 2.85 ሆነ፤ በጌፊቲኒብ ግማሾቹ በ1.5 ወር ውስጥ ተባብሶባቸዋል፣ በኬሞቴራፒ 5.5 ወር ቆይተዋል። «አደጋውን በ26 በመቶ ቀነሰ» ከተባለለት መድኃኒት ጀርባ፣ በሽታው የሚባባስበት ፍጥነት ሦስት እጥፍ ሊሞላ የተቃረበባቸው ሰዎች ነበሩ። ይህንን ሳስብ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ በአማካዩ ቁጥር ብቻ ውሳኔ ቢሰጥ ኖሮ እነዚህ ሰዎች የሚከፍሉት ዋጋ ነው።

የቅልቅሉን ኩርባ አሁን መልሰን ብናየው አካሄዱ ይገባናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጌፊቲኒብ ቡድን ውስጥ ሚውቴሽኑ የሌለባቸው ሰዎች ቶሎ ቶሎ ተባብሶባቸው ከኩርባው ይወጣሉ፤ መስመሩም ይወርዳል። ከስድስት ወር በኋላ በዚያ ቡድን የቀሩት በአብዛኛው ሚውቴሽኑ ያለባቸው ናቸው፤ ስለዚህ መስመሩ ይረጋጋል። በኬሞቴራፒው ቡድን ግን ሁለቱም ዓይነት ሰዎች በተቀራረበ ፍጥነት ስለሚወጡ የቀሩት ሰዎች ስብጥር ያን ያህል አልተለወጠም፤ ኬሞቴራፒውም ዙሩ ሲያልቅ ይቆማል፣ ጌፊቲኒቡ ግን በሽታው እስኪባባስ ይቀጥላል። ታካሚዎቹ ሲጀመር በዕጣ ስለተመደቡ ሁለቱ ቡድኖች ተመሳሳይ ነበሩ፤ በስምንተኛው ወር የምናነጻጽራቸው ግን ተመሳሳይ ሰዎች አይደሉም። የ0.74 መጠንም የተወሰነው በጥናቱ ውስጥ ሚውቴሽኑ ያለባቸው ሰዎች በመብዛታቸው ነው። ሚውቴሽኑ እምብዛም በማይገኝበት ሕዝብ ላይ ያው ጥናት ቢካሄድ ቁጥሩ ከ1 በላይ ሊወጣ ይችል ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ጥያቄ አለ። የተመረመሩት 437 ብቻ ናቸው፤ ታካሚን እየከፋፈሉ ማየት ደግሞ ብዙ ጊዜ በአጋጣሚ የመጣ ልዩነትን እውነት ያስመስላል። ጥርጣሬው ልክ ነው፤ በንዑስ ቡድን ውጤት ብቻ አንድን ነገር ማመን አይገባም። መልሱ የመጣው ሚውቴሽኑ ያለባቸውን ብቻ ካሳተፉ ሌሎች ጥናቶች ነው። በጃፓን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት ሚዲያኑን በጌፊቲኒብ 10.8 ወር፣ በኬሞቴራፒ 5.4 ወር፣ ሬሾውንም 0.30 አድርጎ አገኘው።

የቀረው በሕይወት የመቆየቱ ጉዳይ ነው። የአይፓስ የመጨረሻ ትንታኔ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታተም፣ ሞትን የሚለካው ሃዛርድ ሬሾ 0.90፣ ወሰኑም ከ0.79 እስከ 1.02 ነበር፤ 1ን በውስጡ ይዟል። ሚውቴሽኑ ባለባቸው ሰዎች እንኳ ሚዲያኑ 21.6 እና 21.9 ወር፣ ሬሾው ልክ 1.00 ሆነ። ይህንን ያነበበ ሰው «ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው?» ሊል ይችላል። ኬሞቴራፒ ከተሰጣቸውና ሚውቴሽኑ ካለባቸው ታካሚዎች መካከል ብዙዎቹ በሽታው ሲባባስባቸው ጌፊቲኒብን ወይም መሰል መድኃኒትን ወስደዋል። ስለዚህ ይህ ኩርባ ያነጻጸረው መድኃኒቱን የወሰዱትንና ያልወሰዱትን ሳይሆን አስቀድመው የወሰዱትንና በኋላ የወሰዱትን ነው። አንድ ጥናት በሕይወት በመቆየት ረገድ ልዩነት አላገኘም ሲባል፣ በጽሑፉ ውስጥ ታካሚዎቹ ከመጀመሪያው ሕክምና በኋላ ምን እንደተሰጣቸው የሚገልጸውን ክፍል ፈልጎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሬሾው 1.00 የሆነው መድኃኒቱ ስለማይሠራ ነው ወይስ ሁለቱም ቡድኖች በመጨረሻ ስላገኙት ነው የሚለው የሚለየው እዚያ ነው።